ፍጥነት፣ ርቀትና ጊዜ፦ የፊዚክስ የመልመጃ ወረቀት

የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ፍኖተ ሰላም
ወደ 9ኛ ክፍል ለሚያልፉ ተማሪዎች
ሁለት ክፍለ ጊዜ፤ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሥሩ። ካልኩሌተር የሚፈቀደው ለ8ኛው ጥያቄ ብቻ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ቀመር አንድ ነው፦

v = s ÷ t

v ፍጥነት፣ s ርቀት፣ t ጊዜ ነው። ርቀት ሲጠየቅ s = v × t፣ ጊዜ ሲጠየቅ t = s ÷ v ይሆናል። ይህን በቃል መያዝ አያስቸግርም፤ ነጥብ የሚጠፋው መለኪያዎቹ ሳይስማሙ ስሌት ሲጀመር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ በሦስት መስመር ሥሩ። በመጀመሪያው መለኪያዎቹን አስማሙ፣ በሁለተኛው አስሉ፣ በሦስተኛው መልሱ በእውነተኛው ዓለም ሊሆን የሚችል መሆኑን በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሦስተኛው መስመር የሌለው መልስ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም፣ ግማሽ ነጥብ ብቻ ያገኛል። በዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም፤ የደረሰበትን ቁጥር የማይመረምር ሰው ገና አልጨረሰም።

ለመመርመር ግን ማመዛዘኛ ያስፈልጋል። እነዚህን ያዙ፦ ሰው በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ይህም በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ነው። ባጃጅ ከተማ ውስጥ በሰዓት 30፣ አውቶቡስ በደህና አስፋልት ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ብላችሁ ገምቱ። ዩሴን ቦልት 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 10.4 ሜትር ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚሄድ እግረኛ መልሳችሁ ውስጥ ካገኛችሁ ወደ መጀመሪያው መስመር ተመለሱ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል።

ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሰከንድ ለመለወጥ በ3.6 እናካፍላለን፤ ስለ 3.6 አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ ከየትም የመጣ አይደለም። 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ 1 ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3,600 ሰከንድ 36,000 ሜትር ስለሚጓዝ በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ማካፈል ይሁን ማባዛት ሲጠፋባችሁ 36 እና 10ን አስታውሱ፤ የሜትር በሰከንዱ ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል።

የተሠራ ምሳሌ

አንዲት ተማሪ ከቤቷ 6 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው የቅዳሜ ገበያ በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ደረሰች። አማካይ ፍጥነቷ ስንት ነው?

መለኪያ፦ 15 ደቂቃ ÷ 60 = 0.25 ሰዓት፤ ስለዚህ t = 1.25 ሰዓት።
ስሌት፦ v = 6 ÷ 1.25 = 4.8 ኪሎ ሜትር በሰዓት (በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ)።
ምርመራ፦ ከእግረኛ ፍጥነት ጋር ይቀራረባል፤ ሊሆን ይችላል።

አሁን ልብ በሉ። ጊዜውን 1.15 ብሎ የጻፈ ተማሪ 5.2 ያገኛል። 5.2ም የእግረኛ ፍጥነት ይመስላል፤ ሆኖም ስህተት ነው። ምርመራው ትልልቁን ስህተት ይይዛል እንጂ ትንሹን ላይዝ ይችላል። ትንሹን የምትከላከሉት በመጀመሪያው መስመር ነው።

ክፍል አንድ፦ መለኪያ መለወጥ

1. ለውጡ።
ሀ) 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ሜትር በሰከንድ
ለ) 15 ሜትር በሰከንድ ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት
ሐ) 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ወደ ሰዓት
መ) 2.4 ሰዓት ወደ ሰዓትና ደቂቃ
ሠ) 0.35 ሰዓት ወደ ደቂቃ

2. አንድ ተማሪ የእግረኛን ፍጥነት ለውጦ «5 ኪሎ ሜትር በሰዓት = 18 ሜትር በሰከንድ» ብሎ ጻፈ። እንደገና ሳታሰሉ መልሱ ስህተት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ከዚያ ምን እንዳደረገ ገምታችሁ አርሙለት።

ክፍል ሁለት፦ ከመንገድ፣ ከሐይቅና ከማሳ

3. ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በዋናው መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ አውቶቡስ ከደብረ ማርቆስ ከንጋቱ 12:30 ተነሥቶ፣ ቡሬ ላይ ለቁርስ 45 ደቂቃ ቆሞ፣ ባሕር ዳር ከረፋዱ 5:30 ገባ።
ሀ) ጉዞው በጠቅላላ ስንት ሰዓት ፈጀ? በሰዓታችን 12 ከሞላ በኋላ 1 እንደሚመጣ አትርሱ፤ ከትልቁ ቁጥር ትንሹን መቀነስ እዚህ አይሠራም።
ለ) የቁርሱን ጊዜ ጨምሮ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው?
ሐ) ሲንቀሳቀስ ብቻ የነበረው አማካይ ፍጥነትስ?
መ) ለአንድ ተሳፋሪ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ስለ መኪናው ማወቅ ለሚፈልግ ሰውስ?

4. በጣና ላይ አንዲት ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እየሄደች 50 ደቂቃ ተጓዘች። ምን ያህል ርቀት ሄደች? አንድ ተማሪ 12 × 50 = 600 ኪሎ ሜትር አለ። የሐይቁ ትልቁ ርዝመት 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ተማሪ ምን ትሉታላችሁ?

5. ይህን ጥያቄ ቤት ወስዳችሁ ከሚያርስ ሰው ጋር ተወያዩበት። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ስፋቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሩብ ሄክታር ገደማ ተብሎ ይወሰዳል። ማሳው 50 ሜትር በ50 ሜትር ይሁን። በሁለት ትልሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር፣ የበሬዎቹ ፍጥነት በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው እንበል።
ሀ) በማሳው ላይ ስንት ትልም ይወጣል? (መጀመሪያ 25 ሴንቲ ሜትርን ወደ ሜትር ለውጡ።)
ለ) በሬዎቹና አራሹ በጠቅላላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ? ከማስላታችሁ በፊት ግምታችሁን በወረቀቱ ዳር ጻፉ።
ሐ) ስንት ሰዓት ይፈጃል?
መ) በእያንዳንዱ ትልም ጫፍ ለመዞር 10 ሰከንድ ቢጨመር ጠቅላላ ጊዜው ስንት ይሆናል? ለቀላልነት መዞሪያውንም ከትልሙ ቁጥር ጋር እኩል አድርጉት።
ሠ) መልሳችሁ «ጥማድ የአንድ ቀን ሥራ ነው» ከሚለው ጋር ይስማማል?

6. ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለስሌቱ ቁልቁለቱን 20፣ ዳገቱንም 20 ኪሎ ሜትር እናድርገው።
ሀ) አንድ ሚኒባስ ቁልቁለቱን በሰዓት 40፣ ዳገቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሄደ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? 30 ያላችሁ ካላችሁ ሚኒባሱ በየትኛው መንገድ ላይ ረጅም ጊዜ እንደቆየ አስቡ።
ለ) አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ወረደ። ሾፌሩ የመላው መንገድ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 40 እንዲሆን ቢፈልግ ዳገቱን በምን ፍጥነት መውጣት አለበት? መልሱን ከጻፋችሁ በኋላ ጊዜውን ለየብቻ አስሉና አረጋግጡ።

7. በጮቄ ተራራ በኩል መብረቅ ብልጭ ሲል አይታችሁ ነጎድጓዱን ከ6 ሰከንድ በኋላ ሰማችሁ። ብርሃኑ ወዲያው እንደደረሳችሁ ቁጠሩት።
ሀ) መብረቁ ምን ያህል ርቆ ነው የወደቀው? በኪሎ ሜትር መልሱ።
ለ) ጓደኛችሁ «እኔ ከ90 ሰከንድ በኋላ ሰማሁ» አለ። ርቀቱን አስሉ። ነጎድጓድ ብዙውን ጊዜ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አይሰማም፤ ጓደኛችሁ ምን ሰምቶ ይሆን?

8. ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጠ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ። የሁለቱንም አማካይ ፍጥነት በሜትር በሰከንድ እና በኪሎ ሜትር በሰዓት አስሉ። ማን ሊፈጥን እንደሚገባ አስቀድማችሁ ገምቱ።

9. ከፀሐይ እስከ ምድር 150,000,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ብርሃኑ በስንት ደቂቃ ይደርሰናል?

ክፍል ሦስት፦ መርማሪ ሁኑ

10. ለእያንዳንዱ መልስ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» በሉ፤ ምክንያታችሁንም ጻፉ።
ሀ) «3 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ የሄደ ተማሪ ፍጥነቱ በሰዓት 0.075 ኪሎ ሜትር ነው።»
ለ) «120 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 60 የሚሄድ አውቶቡስ በ7,200 ሰዓት ይጨርሳል።»
ሐ) «ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ በ2 ሰዓት ደረሰ፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ነው።»

ማረጋገጫ (ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ተመልከቱ)

1. ሀ) 20 ሜትር በሰከንድ፤ ለ) 54 ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ ሐ) 1.75 ሰዓት፤ መ) 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፤ ሠ) 21 ደቂቃ።

2. እግረኛው ቦልትን ቀድሞታል። በ3.6 ማካፈል ሲገባው አባዝቷል፤ ትክክለኛው 1.4 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው።

3. ሀ) 5 ሰዓት፤ ለ) በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር፤ ሐ) 265 ÷ 4.25 = በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ መ) ተሳፋሪው መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ስለሚፈልግ የመጀመሪያው ይጠቅመዋል፣ ስለ መኪናው ለሚጠይቅ ግን ሁለተኛው።

4. 50 ደቂቃ ከ1 ሰዓት ስለሚያንስ ርቀቱ ከ12 ኪሎ ሜትር ማነስ አለበት፤ 10 ኪሎ ሜትር ነው። 600 ያለው ተማሪ ጀልባዋን ከሐይቁ አውጥቶ ሰባት እጥፍ ርዝመቱን አስኬዷታል።

5. ሀ) 50 ÷ 0.25 = 200 ትልም፤ ለ) 200 × 50 = 10,000 ሜትር፣ ማለትም 10 ኪሎ ሜትር፤ ሐ) 20,000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ፤ መ) 22,000 ሰከንድ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ፤ ሠ) ይስማማል። ገበሬው በልምድ የሰየመውን መለኪያ እናንተ በቀመር ደረሳችሁበት። በዚህ ወረቀት ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። አራሹ እርፍ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር በታረሰ አፈር ላይ እንደሚራመድም አስተውሉ።

6. ሀ) ቁልቁለቱ 0.5፣ ዳገቱ 1 ሰዓት፤ 40 ÷ 1.5 = በሰዓት 26.7 ኪሎ ሜትር። ዳገቱ ላይ እጥፍ ጊዜ ስለቆየ አማካዩ ወደ 20 ያጋድላል። ለ) የሚቻል ፍጥነት የለም። 40 ኪሎ ሜትርን በሰዓት 40 ለመጨረስ 1 ሰዓት ነው ያለው፤ እሱም ቁልቁለቱ ላይ አልቋል። 60 ብላችሁ ከጻፋችሁ የዳገቱን 20 ደቂቃ ደምሩና አማካዩ 30 ብቻ እንደሚሆን እዩ።

7. ሀ) 340 × 6 = 2,040 ሜትር፣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለ) 30.6 ኪሎ ሜትር፤ የሰማው ምናልባት የሌላ መብረቅ ድምፅ ነው።

8. ቀነኒሳ በሰከንድ 6.34 ሜትር፣ በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር። ኃይሌ በሰከንድ 5.67 ሜትር፣ በሰዓት 20.4 ኪሎ ሜትር። ርቀቱ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሆነ የኃይሌ ማነስ ይጠበቃል። ጊዜውን 2.0359 ሰዓት ብላችሁ የጻፋችሁ 20.7 አግኝታችኋል፤ ምሳሌውን ደግማችሁ አንብቡ።

9. 500 ሰከንድ፣ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።

10. ሀ) አይሆንም፤ 0.075 ኪሎ ሜትር በደቂቃ ነው፣ በሰዓት 4.5 ይሆናል። ለ) አይሆንም፤ ማካፈል ሲገባው አባዝቷል፣ 7,200 ሰዓት ደግሞ 300 ቀን ነው፤ ትክክለኛው 2 ሰዓት። ሐ) አይሆንም። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ የማይታመነው የተሰጠው ጊዜ ነው። በመካከሉ 6ኛው ጥያቄ ላይ ያያችሁት የዓባይ በረሃ አለ። ሚኒባሱ እሱን ብቻ በ1 ሰዓት ተኩል እንደጨረሰ አስታውሱና፣ አውቶቡሱም በዚያው ፍጥነት ቢያልፈው ለቀሪው 260 ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ እንደሚተርፈው አስሉ።