ጋሼ፣ የውሃው ጽሑፍ በአምስት ነጥብ

ፎቶ አንስተው የላኩልኝ የጋዜጣ ጽሑፍ ረጅም ነው። ለኮሚቴው ስብሰባ ኮዬ ፈጬ እስኪደርሱ ታክሲ ውስጥ እንዲያነቡት ጨመቅ አድርጌዋለሁ።

• ዋናው ሐሳብ፦ ዳር ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ውሃ በፈረቃ የሚያገኙት ውሃ ስላነሰ ብቻ አይደለም፣ መስመሩም ሰፈሩን ስላልተከተለ ነው ይላል።

• አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ትጠጣለች፤ በዚያ ላይ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉ። አቃቂ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው ወደ ከተማው የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይከተላል። ስብሰባው ላይ የሚያከራክረው ይሄ ስለሆነ ሁለቴ ያንብቡት።

• አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ፈረቃው ደርሶም ግፊት የለውም፤ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ይወጣል።

• መፍትሄ የሚለው፦ በየብሎኩ የጋራ ሮቶና ፓምፕ። ወጪውን ማን ይቻለው የሚለውን ግን ዘሎታል፣ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

• መጨረሻ ላይ የጣሪያ ዝናብ ስለማጠራቀም ትንሽ ያወራል።

ጋዜጣው የታጠፈበት ጋ ሁለት መስመር አይነበብም። ቁጥር ያለበት ስለሚመስል አልገመትኩም፤ ሊጠቅሱት ካሰቡ እሷን ብቻ ቀረብ አድርገው አንስተው ይላኩልኝ።