ሄሉዬ፣ ለእንቁጣጣሽ

ሄሉዬ እንዴት ነሽ የኔ እናት፣ ይሄን በቮይስ ልልክልሽ አስቤ ነበር ግን ድምፄ እንደማይታዘዘኝ ስለማውቀው መፃፉን መረጥኩ። ረዘም ይላል፣ ስራ ላይ ከሆንሽ አሁን አታንብቢው፣ ቤት ገብተሽ አረፍ ስትይ ታነቢዋለሽ፣ መልስም አልጠብቅም እሺ።

ዛሬ ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው፣ ሽሮ ሜዳ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፣ የሰፈሩ ህፃን በሙሉ ልብሱን አውልቆ ዝናብ ውስጥ እየጮኸ ነው። እትዬ አልማዝ እኛን ግቢ መሀል አቁመው "ጠበል ነው እኮ ምን ያስለቅሳችኋል" እያሉ ሲያስመቱን ትዝ አለኝ፣ አንቺ ሁሌ ቀድመሽ ሮጠሽ ትገቢ ነበር። ከዛ ነው ስልኬን አንስቼ መፃፍ የጀመርኩት።

ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ስልክሽ በአደይ አበባ ፎቶ እንደሚሞላ አውቃለሁ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረሽ፣ አዲሱ ዓመት የደስታ የጤና ምናምን እያለ ሰው ሁሉ ለሁሉም አንድ ላይ የሚልከውን ይልክልሻል። ከክፋት አይደለም፣ ግማሹ ረስቶት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ምን እንደሚልሽ ጨንቆት ነው፣ ሀዘንተኛን እንኳን አደረሰሽ ማለት ሰው ይፈራል። ካላስቻለሽ ስልክሽን ዝጊው፣ ማንም አይቀየምሽም፣ የሚቀየም ካለም ይቀየም። የእትዬ ስም የማይጠራበት ዓመት ሲጀመር ደስ ይበልሽ ማለት ለኔም ከአፌ አይወጣም። ግን አንቺ ደህና ሆነሽ ዓመቱን መሻገርሽ ለኔ ትልቅ ነገር ስለሆነ እንኳን አደረሰሽ እልሻለሁ ሄሉዬ፣ ከነሀዘንሽ እንኳን አደረሰሽ፣ እግዚአብሔር ያፅናሽ።

አሁን ስለቤቱ ልንገርሽ፣ በየቀኑ ቤት እንዴት ነው ብለሽ ስትጠይቂ ናቲ "ሰላም ነው" ብቻ ብሎ እንደሚዘጋሽ ነግረሽኛል፣ እሱም አፉ ስለማይፈታለት ነው እንጂ ጠፍቶት አይደለም።

ጋሼ ደህና ናቸው። ክብደት ቀንሰዋል አልዋሽሽም፣ ግን ከሐምሌ ወዲህ መብላት ጀምረዋል፣ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ያደርሳሉ፣ ከዛ መጥተው በረንዳው ላይ ሬድዮናቸውን ይከፍታሉ። የስኳር መድኃኒታቸውን እኔና ናቲ ተራ በተራ እናያለን፣ ይሄ እንዳያስጨንቅሽ። ሱቁን ናቲ ይዞታል፣ ሽሮ ሜዳ በነሐሴና በጳጉሜ ምን እንደሚመስል ታውቂው የለ፣ ሀበሻ ቀሚስ የሚገዛው ሰው መተላለፊያ ያሳጣል፣ እና ልጁ ጥለት ከጥለት መለየት እንኳን የማይችል የነበረው ትናንት ስሄድ አንዷን ሙሽራ "ይሄ ለመልክሽ አይሄድም ወርቃማውን ውሰጂ" ሲላት ደረስኩ። ቁጭ እትዬን ነው የመሰለኝ፣ ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ። ሸማኔዎቹም አልተለዩትም፣ ለእትዬ በዱቤ ይሰጡ እንደነበረው ለሱም እየሰጡት ነው።

የበዓሉ ነገር ቤት ውስጥ ትንሽ አከራክሮ ነበር። እትዬ ብርቄ ዓመት ሳይሞላ ቄጤማ አይጎዘጎዝም፣ ዶሮም አይሰራም፣ ጎረቤት ያመጣውን ቀምሰን እንውላለን አሉ፣ እንደወጉ ትክክል ናቸው፣ እህት ናቸውና ማን ይናገራቸዋል። ጋሼ ዝም ብለው ሰምተው ሰምተው በመጨረሻ "ቄጤማው ይቅር፣ ዶሮውም ይቅር፣ የአበባየሆሽ ልጆች ግን ከበሬ ላይ አይመለሱም" አሉ። ታውቂያለሽ እትዬ ለነሱ ብለው ባንክ ሄደው አዲስ አስር አስር ብር ይዘረዝሩ ነበር፣ ድፎውንም ገና ሳይበርድ ቆርሰው ነበር የሚሰጧቸው። ዘንድሮ ብሩን ጋሼ ራሳቸው ሄደው አመጡት፣ ትራስ ስር አስቀምጠውታል አለኝ ናቲ። ድፎውን እናቴ ትጋግራለች፣ ኮባውን አግኝተናል። ዶሮ የሚሰራው እኛ ቤት ነው፣ ለጋሼ እኔ ይዤላቸው እገባለሁ፣ ደግነቱ ሐሙስ ስለሆነ የሚፆም የለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስከዛሬ ያልነገርኩሽ ቀኑ ገና ትኩስ ስለነበረ ነው። የዘንድሮ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 12፣ እትዬ በቪዲዮ ሲያወሩሽ አንቺ ፊታቸውን ብቻ ነው ያየሽው። ስልኩን ያቆሙት የቅቤው ማሰሮ ላይ አስደግፈው ነበር፣ እኔ ከጎን ነበርኩ፣ ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምሮ ሲያቁላሉ ነው ያደሩት፣ እኔ ላማስል ስላቸው "ሂጂ አንቺ ታሳርሪብኛለሽ" ብለው ማማሰያውን ነጠቁኝ። ዶሮዋን በሎሚና በጨው አሽተው አሽተው ውሃው ጥርት እስኪል አጥበው አስራ ሁለቱን ብልት ትሪ ላይ ደርድረው አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ከዛ ፈረሰኛውን ለይተው "ይቺ የሄለን ናት" አሉ። እንዴ እትዬ አሜሪካ ናት እኮ ስላቸው "አውቃለሁ፣ ሆዴ ግን አያውቅም" አሉኝና ወጡ ውስጥ ጨመሯት። ምሳ ላይ ናቲ ሊያነሳት ሲል እጁን መቱት፣ ማታ ድረስ ተቀመጠች፣ ማታ ላይ ለጎረቤት ልጅ ሰጧት። አንቺ ደውለሽ "እማ ደከመሽ እንዴ" ስትያቸው "የምን ድካም" እያሉ ሲስቁ ነበር አይደል፣ እውነታቸውን ነው ሄሉዬ፣ የዛን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር። ሲያማቸው ደብቀውኝ ይሆን እያልሽ ያንን ጥሪ ደጋግመሽ እንደምታስቢው ስለነገርሽኝ ነው ይሄን የምፅፍልሽ። ህመሙ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ የመጣውም ባንዴ ነው፣ ሳይታይ ያለፈ ምልክት አልነበረም፣ ሀኪሞቹም ለጋሼ ይሄንኑ ነው ያሉት።

ሳልቀብራት የምትይውን ደግሞ እባክሽ። ወረቀትሽ ሳያልቅ ከወጣሽ እንደማትመለሺ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፣ ሆስፒታል እኔ ያደርኩበት ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅተው ሁለቱንም ጊዜ ያሉኝ "ለሄለን እንዳትነግሯት፣ እነሳለሁ ትላለች፣ የለፋችበት ሁሉ ይበላሻል" ነው። መርዶውን ጓደኞችሽ ከንጋቱ መጥተው እስኪያረዱሽ ድረስ እኛ እዚህ ስልክሽን ላለማንሳት እንዴት እንደተቃጠልን ባወቅሽ። ቀብሩ ላይ ሱቁ ያለበት መስመር በሙሉ ተዘግቶ ነበር፣ ሸማኔው፣ ጥልፍ ሰሪው፣ ተሸካሚው ልጅ ሳይቀር መጥቷል፣ የእድሩ ሰው ድንኳኑን ሦስት ቀን ሙሉ አላጎደለውም። አርባቸው በሐዋርያት ፆም ውስጥ ስለዋለ ሴቶቹ ሽሮውንና ምስሩን በየቤታቸው ተካፍለው ሰርተው ነው ያመጡት፣ እትዬ ለሰው ያደረጉትን ነው ሰው የመለሰላቸው። የልጅ ቦታ ላይ እኔና ናቲ ቆመናል፣ አፈር ሲለብሱ ስምሽን ጠርቼ አንቺንም ወክዬ አልቅሻለሁ፣ እና የቀረብሽ እንዳይመስልሽ።

ስለበርበሬው የነገርሽኝን ሳስበው ሰነበትኩ። ፍሪዘር ውስጥ ያለው የእሳቸው የመጨረሻው ነው፣ እሱን ብጨርሰው ሌላ የለም ያልሽው። እውነት ነው ሌላ የለም፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እጄ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ለዚህ በዓል ክፈችው አልልሽም፣ ላስቀምጠው ካልሽ አስቀምጪው፣ ዓመትም ይቆይ። ግን አንዲት ማንኪያ አውጥተሽ ወጥ ብትሰሪበት ደግሞ ማጥፋት አይደለም፣ እትዬ በርበሬ ልከው ሳይበላ ተቀመጠ ሲባል የሚወዱ ሴት አልነበሩም፣ ባለፈው ሰው ሲሄድ ስልክ ደውለው "ጨረሰችው ወይስ ገና ነው" ብለው የሚጠይቁት የመጀመሪያው ነገር ያ ነበር። ልኩን ደግሞ እናቴ ታውቀዋለች፣ አብረው ስንት ዓመት ነው በርበሬ የቀነጠሱት፣ ኮረሪማው ስንት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ስንት፣ በሶብላው የሚገባው መቼ እንደሆነ ሁሉን ነግራኝ ስልኬ ላይ ፅፌዋለሁ። ጥቅምት ላይ ፀሀይ ሲወጣ እናዘጋጅና የሚመጣ ሰው ፈልገን እንልክልሻለን። የእሳቸው አይሆንም አውቃለሁ፣ የሰፈርሽ ግን ነው።

በዓሉ እዛ የስራ ቀን ስለሆነ ፈረቃ ጨምሪልኝ ብለሽ እንደነበር ሰማሁ፣ ቤት ብቻዬን ከምቀመጥ ብለሽ ነው አይደል። ከሆነልሽ ግን ቅዳሜ ወይ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሆነሽ ሀበሻ አጣሁ አትይም መቼም፣ አንድ ሰው ቡና ያፍላልሽ፣ ጥቁር ልብስሽን አይተው ማነው የሞተብሽ የሚሉሽ እናቶች አይጠፉም፣ ንገሪያቸው፣ ስማቸውን ጠርተሽ ንገሪያቸው። እኔ እዚህ ረቡዕ ጠዋት መቃብራቸው ጋ እሄዳለሁ፣ አደይ እወስድላቸዋለሁ፣ እንጦጦ ዳገቱ ላይ ዘንድሮ ቀድሞ ፈክቷል። ፎቶ ላንሳልሽ ወይስ ይቅር የሚለውን አንቺ ወስኚ፣ ካልነገርሽኝ አላነሳም።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ መዝፈን ሲጀምሩ እዛ ገና ረቡዕ ሌሊት ነው፣ ናይት ነሽ መሰለኝ። ጋሼ አንቺን ማየት ይፈልጋሉ ግን ሲያለቅሱ እንዳታይ ስለሚፈሩ እኔ ስልኩን ይዤ አጠገባቸው እሆናለሁ፣ ካለቀሱም ይልቀሱ፣ አንቺም አልቅሺ፣ አባትና ልጅ ናችሁ። በኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ባንቺ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ከስራ መልስ ትንሽ ከተኛሽ በኋላ ማለት ነው። ካላነሳሽ ተኝታለች ብዬ ለጋሼ እነግራቸዋለሁ፣ አርብም መደወል ይቻላል፣ ቅዳሜም ይቻላል።

የእትዬን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፣ አንቺን ለጋሼና ለናቲ ለኔም ያቆይልን። እናቴ ግንባርሽን ሳሚልኝ ብላለች። ብርድ እየመጣ ነው አሉ እዛ፣ ወፍራም ልብስ ልበሺ፣ ምግብ ሳትበዪ ስራ እንዳትገቢ ደግሞ።

እወድሻለሁ
ቲጂ