በስምምነት የሥራ ውል ስለማቋረጥ

ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለወ/ሮ ሰብለ
ዋና ሒሳብ ሠራተኛ

ባለፈው ሳምንት ፊት ለፊት በተነጋገርነው መሠረት፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 25 የሥራ ውላችን ከሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለታችን ስምምነት ይቋረጣል። ምክንያቱ የሒሳብ ክፍሉ ወደ አዳማ መዛወሩ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ጥፋት የለበትም።

የሚያዝያ ደመወዝዎና ያልተጠቀሙበት የ11 ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያ በሕጉ መሠረት ይከፈልዎታል። በተጨማሪም የሦስት ወር ደመወዝ፣ ግብር ሳይቀነስ ብር 96,000፣ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ በባንክ ሒሳብዎ ይገባል። ይህ ስምምነት በሕግ ያለዎትን ማንኛውንም መብት አያስቀርም።

የሥራ ልምድ ማስረጃዎን በመጨረሻው ቀን ይረከባሉ። ስለ እርስዎ የሚጠይቅ አዲስ አሠሪ ካለ፣ ዘጠኝ ዓመት በታማኝነት ማገልገልዎን በደስታ እንመሰክራለን።

የደንበኞችን ሒሳብና የደመወዝ መረጃ በምስጢር ይጠብቃሉ፤ እኛም የክፍያውን መጠን ለሌላ አንገልጽም። በሕግ ሲጠየቁ መናገር ግን አይከለከልም።

ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ፣ የካዝናውን ሁለት ቁልፎችና መታወቂያዎን ለንብረት ክፍል ያስረክባሉ። የላፕቶፑ ክዳን ጥግ ላይ ያለው ስንጥቅ ከመረከብዎ በፊት የነበረ ስለሆነ አይጠየቁበትም።

በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ሁለታችንም ፈርመናል።

ከሰላምታ ጋር
የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ