የሦስተኛው ሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርት በአምስት ነጥብ

የኢንዱስትሪ ማቀዝቀዣዎችን የሚያመርተው ኩባንያችን የሦስተኛውን ሩብ ዓመት ሪፖርት በ48 ገጽ አውጥቷል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላቸው ባለአክሲዮኖች ዋና ዋናው ጉዳይ ከዚህ በታች ቀርቧል። የገንዘብ መጠኖቹ በሚሊዮን የተገለጹ ናቸው። የማቀዝቀዣ ሽያጭ ከወቅት ወቅት ስለሚለያይ፣ ንጽጽሩ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት ጋር ነው። ሒሳቡን የውጭ ኦዲተር ገና አልመረመረውም።

1. ትርፉ በ50 በመቶ አደገ ቢባልም፣ ከዋናው ሥራ የተገኘው ትርፍ ቀንሷል። የተጣራው ትርፍ ከ42 ወደ 63 ከፍ ብሏል፤ ከዚህ ውስጥ ግን 25ቱ፣ ግብሩ ከተከፈለ በኋላ፣ አገልግሎት የማይሰጥ መጋዘን ተሽጦ የተገኘ ስለሆነ ተመልሶ አይመጣም። ይህ ሲቀነስ የሚቀረው 38 ነው። 50 በመቶው በመጀመሪያው ገጽ በጉልህ ሲታተም የመጋዘኑ ሽያጭ የተጠቀሰው በገጽ 31 ማብራሪያ ውስጥ በመሆኑ፣ ይህን ነጥብ ከሁሉ አስቀድመነዋል።

2. ገቢው ከ375 ወደ 420፣ ማለትም በ12 በመቶ አድጓል። ከጭማሪው 45 ውስጥ 30ው በዚህ ሩብ ዓመት ከተገዛው የጥገና ድርጅት የመጣ ነው። ነባሩ ሥራ ብቻውን ያደገው በ4 በመቶ ነው።

3. በእኛ ግምት ከሁሉ የሚያሳስበው የጥሬ ገንዘቡ ነገር ነው። ሽያጭ በሒሳብ መዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ የሚመዘገበው ዕቃው ለደንበኛው ሲተላለፍ እንጂ ገንዘቡ ሲከፈል ስላልሆነ፣ ትርፍ እያለም ካዝና ሊሳሳ ይችላል። በዚህ ሩብ ዓመትም የሆነው ይኸው ነው፤ ከመደበኛ ሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ ከ40 ወደ 18 ሲወርድ፣ ደንበኞች ያልከፈሉት ተሰብሳቢ ሒሳብ ከ150 ወደ 190 አድጓል። አመራሩ ለትልልቅ ደንበኞች የመክፈያ ጊዜውን ከ30 ወደ 60 ቀን እንዳራዘመ ገልጿል። ከዚህ የምንረዳው የሽያጩ ዕድገት በከፊል በዱቤ የተገኘ መሆኑን ነው። የዘገየ ክፍያ ሁሉ የጠፋ ገንዘብ ባይሆንም፣ ከ60 ቀን በላይ የቆየው ምን ያህል እንደሆነ ሪፖርቱ ለይቶ አላሳየም።

4. የጥገና ድርጅቱ የተገዛው በብድር በመሆኑ ዕዳው ከ180 ወደ 260 ከፍ ብሏል። ከዚህ ውስጥ 90ው በመጪዎቹ 12 ወራት የሚከፈል ሲሆን በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ 70 ነው።

5. አመራሩ የዓመቱን የገቢ ትንበያ ከ1,700 ወደ 1,650 ዝቅ ያደረገ ሲሆን፣ ምክንያቱ የፋብሪካ ደንበኞች ግዢ ማዘግየታቸው እንደሆነ አስረድቷል። የዳይሬክተሮች ቦርድ ግን የሩብ ዓመቱን የትርፍ ድርሻ ሳይቀንስ በ20 እንዲቀጥል ወስኗል፤ ይህም በሦስቱ ወራት ከመደበኛ ሥራ ከገባው ጥሬ ገንዘብ በ2 ይበልጣል።