የጥርና የየካቲት ወር ደመወዝ መዘግየትንና የክፍያ ፕሮግራሙን ስለማሳወቅ

ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጅማ

ለድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ

የጥር ወር 2018 ዓ.ም. ደመወዝ ዓርብ ጥር 29 ቀን በየሒሳባችሁ መግባት ሲገባው እስከ ዛሬ አልገባም። የዘገየው በድርጅቱ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ምክንያት ሲሆን፣ ኃላፊነቱም ሙሉ በሙሉ የአስተዳደሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በማበጠሪያው ክፍል ያላችሁ እህቶች ገንዘብ ያዥዋን ስትጠይቁ «ሰኞ ይገባል» ተብላችኋል፤ ሰኞ ስትጠይቁ ደግሞ «ነገ» ተብላችኋል። ገንዘብ ያዥዋ የተናገረችው እኛ የነገርናትን ነው፤ ስለዚህ ማንም እርሷን እንዳይወቅሳት እየጠየቅሁ፣ ቁርጡን ሳናውቅ ቀን በመስጠታችን በአስተዳደሩ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ደመወዝ የሚነገር ቀን ሁሉ በጽሑፍ ይለጠፋል።

እጥረቱ የመጣበትን መንገድ ማወቅ መብታችሁ ነው። ዘንድሮ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከማናና ከጎማ ወረዳ አርሶ አደሮች ቀይ እሸት ቡና የገዛነው እንደ ሁልጊዜው በእጅ በእጅ ክፍያ ነው፤ አርሶ አደሩ ቡናውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ገንዘቡን ሳይቀበል አይሄድም፤ ሊሄድም አይገባውም። ለዚሁ ግዢ ከባንክ የወሰድነው የወቅት ብድር የመክፈያ ጊዜው በታኅሣሥ መጨረሻ ስለነበር በእጃችን ካለው ገንዘብ ከፍለን ዘጋነው። በዚያው ወቅት ያዘጋጀነውን ቡና በሁለት ጭነት አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ላኪ በቀጥታ ግብይት አስረክበን፣ ከዋጋው 9,600,000 ብር እስካሁን አልተከፈለንም። ላኪው የራሱ ገዢ ክፍያ እንደዘገየበት ገልጾልናል። ነገር ግን ሁለቱንም ጭነት ለአንድ ገዢ ያውም የመጀመሪያውን ሒሳብ ሳንቀበል መስጠታችን የእኛ የውሳኔ ስሕተት ነበር። ከእንግዲህ የፊተኛው ጭነት ሒሳብ ሳይዘጋ ሁለተኛ ጭነት ከመጋዘን አይወጣም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ ከላኪው ጋር በጽሑፍ የተፈራረምነው ውል ዕዳው በሁለት ጊዜ፣ ይኸውም ግማሹ ረቡዕ የካቲት 18 ቀን፣ ቀሪው ግማሽ ዓርብ መጋቢት 4 ቀን እንዲከፈል ይደነግጋል። ዛሬ በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ያለው 451,200 ብር ነው። የ84 ቋሚ ሠራተኞች የአንድ ወር የተጣራ ደመወዝ ደግሞ 742,000 ብር ነው። ያለው ገንዘብ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለማንም የማይበቃ ስለሚሆን፣ በመጀመሪያ ደመወዛቸው አነስተኛ ለሆነው ሙሉውን እንዲከፈል ወስነናል። በዚህ ቅር የሚላችሁ እንደምትኖሩ እገምታለሁ፤ ነገር ግን በወር 5,000 ብር በእጁ የሚያገኝ ሰው ግማሹን ተቀብሎ የቤት ኪራይና የወር አስቤዛ ሊሸፍን አይችልም።

በዚሁ መሠረት ዓርብ የካቲት 6 ቀን የወር ጥቅል ደመወዛችሁ እስከ 7,000 ብር የሆነ 51 ሠራተኞች የጥር ደመወዛችሁን ሙሉውን፣ ከዚያ በላይ የሆነ 29 ሠራተኞች ደግሞ ግማሹን ታገኛላችሁ። ይህም በድምሩ 433,500 ብር ሲሆን ገንዘቡ ዛሬ በእጃችን ያለ በመሆኑ የዚህ ቀን ክፍያ የላኪውን ክፍያ አይጠብቅም። የ29ኙ ሠራተኞች ቀሪ ግማሽ፣ ማለትም 170,500 ብር፣ ዓርብ የካቲት 20 ቀን ይከፈላል። የየካቲት ወር ደመወዝም ሰኞ የካቲት 30 ቀን በዚሁ አሠራር ለ51ዱ ሙሉው፣ ለ29ኙ ግማሹ ተከፍሎ፣ ቀሪው ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን ይገባል። ይህን ቀን የመረጥነው ዒድ አልፈጥር መጋቢት 11 አካባቢ ስለሚውል ማንም ሠራተኛ በዓሉን ያልተከፈለ ደመወዝ ይዞ እንዳይቀበል ነው። የእኔና የሦስቱ የክፍል ኃላፊዎች የጥርም የየካቲትም ደመወዝ በመጨረሻ፣ መጋቢት 8 ቀን ይከፈላል። የመጋቢት ወር ደመወዝ ረቡዕ መጋቢት 30 ቀን በመደበኛው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለሁሉም የሚገባ ሲሆን፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን በመሆኑ ከበዓሉ በፊት ይደርሳል።

ቡና የሚለቅሙ የቀን ሠራተኞች በኬሻ የሚታሰበው ክፍያቸው እንደ ወትሮው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይቀጥላል፤ ይህ ማስታወቂያ እነርሱን አይመለከትም።

ላኪው በየካቲት 18 ባይከፍልስ የሚለው ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በዚያን ጊዜ በመጋዘን ያለውን ለአገር ውስጥ ፍጆታ የተለየ 46 ኩንታል ቡና እዚሁ ጅማ ለሚገኙ ነጋዴዎች ሸጠን የየካቲት 20 ክፍያን እንሸፍናለን። ለዚህም የማኔጅመንቱ ውሳኔ ከወዲሁ ተፈርሟል። የየካቲት 30ና የመጋቢት 8 ክፍያ ግን በላኪው ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ለውጥ ካለ ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን።

ከደመወዛችሁ የሚቀነሰው የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ እንዲሁም ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ፣ ከላኪው የመጀመሪያ ክፍያ ተነሥቶ በየካቲት ወር ውስጥ ገቢ ይደረጋል። የገቢ ደረሰኙ ቅጂ ከፊርማ መቆጣጠሪያው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋል። የቁጠባ ማኅበር ወይም የዕድር ተቀናሽ በእነዚህ ሁለት ወራት እንዲቆምለት የሚፈልግ ሠራተኛ ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ያመልክት፤ ለማኅበሩና ለዕድሩ እኛ እናስረዳለን።

ሕመም፣ ወሊድ ወይም ሐዘን ለገጠመው ሠራተኛ ከየካቲት 6 ክፍያ በኋላ ከሚቀረው ገንዘብ ላይ እስከ 2,000 ብር ቅድሚያ እንሰጣለን። ለዚህ የተመደበው በድምሩ 12,000 ብር ብቻ በመሆኑ ለስድስት ሰው ነው የሚበቃው፤ ስለዚህ እውነተኛ ችግር ያለባችሁ ብቻ ጠይቁ። ለቤት አከራይ ወይም ለልጆች ትምህርት ቤት የሚቀርብ ደመወዝ መዘግየቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ማህተም ተደርጎበት ከሰው ኃይል ክፍል በዕለቱ ይሰጣል፤ አንዳንዶቻችሁ ለአከራይ ማስረዳት እንደከበዳችሁ ስለሰማን ይህን ደብዳቤ ለመውሰድ እንዳታፍሩ እናሳስባለን።

በዚህ ምክንያት የሚቀነስ ሠራተኛ አይኖርም። ከእጥረቱ እስክንወጣ አዲስ ቅጥርና የትርፍ ሰዓት ሥራ ግን ቆሟል። ደመወዙ ስለዘገየበት ቅሬታ የሚያቀርብ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለው መብት እንደተጠበቀ ነው፤ ይህን ማስታወቂያ ማንበብም ሆነ ክፍያውን በከፊል መቀበል ያንን መብት አያስቀርም፤ በመብቱም ስለጠየቀ ማንም ላይ ምንም እርምጃ አይወሰድም።

ነገ ሐሙስ የካቲት 5 ቀን ከቀኑ 10:00 ሰዓት በቡና ማስጫው ሜዳ ስብሰባ ይኖራል። የባንክ ሒሳቡን መግለጫና ከላኪው ጋር የተፈረመውን ውል ይዤ እገኛለሁ፤ የሠራተኛ ተወካዮችም ቀድመው አይተውታል። ጥያቄ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማቅረብ ይቻላል፤ ይህ ማስታወቂያም በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ከዚሁ ጎን ተለጥፏል። በሥራ ፈረቃ ምክንያት መገኘት የማይችሉ ጥበቃዎች ዓርብ ጠዋት 2:00 ሰዓት ቢሮዬ ሊያነጋግሩኝ ይችላሉ።

ዋና ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል
ለሰው ኃይል ክፍል
ለሠራተኛ ተወካዮች