አባየ፣ ያችን ሰዓት ለጊዜው ይተዋት

አባየ፣ እንዴት ሰነበቱ? እማየስ? ጉልበቷ ተሻላት?

የላኩልኝን ማስታወቂያ አየሁት። “ኦሪጅናል ሮሌክስ፣ 4,500 ብር፣ ለዛሬ ብቻ” ይላል። ቀብድ 1,500 ብር ልላክለት ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አይላኩ። ሰዓቷ ፎርጅድ ሳትሆን አትቀርም። በእጄ ይዤ ስላላየኋት ማል ቢሉኝ አልምልም፤ ግን ፎቶዎቹ ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። ከዚህ መልእክት በፊት አራት ፎቶ ልኬልዎታለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና በቀይ ያከበብኩትን በሁለት ጣት ዘርጋ እያደረጉ ይዩ።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ በግራ የሻጩ ሰዓት፣ በቀኝ የእውነተኛው አለ። 3 ቁጥር በሚሆንበት ቦታ መስታወቱ ላይ ጉብ ያለች ነገር ትታያለች። ሌንስ ናት። ሥራዋ ቀኑን ማጉላት ነው። እውነተኛዋ ቀኑን ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ታጎላዋለች፤ ቁጥሩ መስኮቷን ሞልቶ ያለ መነጽር እንኳ ይነበባል። በግራ ያለችውን ይዩ እንግዲህ። 28 ቁጥር ጤፍ አክላ ከመሃል ቁጭ ብላለች። ጉብታውን አስመስለው ለጥፈውታል እንጂ የሚያጎላው ነገር የለም። እኔን ከሁሉ በላይ ያስጠረጠረኝ ይኼ ነው።

ሁለተኛው ከመሃል ዝቅ ብሎ ያለው ጽሑፍ ነው። እርስዎ ስንት ዓመት የተማሪ ደብተር አርመዋል፤ ይኼ አያመልጥዎትም። “ክሮኖሜትር” ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ፊደል ጎድሏል። የቀሩትም ፊደሎች ዳር ዳራቸው ቀለሙ ፈሷል፣ እርጥብ ወረቀት ላይ በብዕር የተጻፉ ይመስላሉ። በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ ሰዓት ላይ የፊደል ስህተት አይለቁም።

ሦስተኛው ጀርባዋ ነው። ሻጩ “ሞተሩ ሲሠራ ይታያል” ብሎ እንደ ጥሩ ነገር ጽፎታል። እሷ የተመሰለችበት ዴትጀስት የሚባለው ዓይነት ግን ጀርባው ድፍን ብረት ነው፤ መስታወት የለውም። ሰውየው ሊያማልልዎት ያነሳው ፎቶ ራሱን አጋለጠው።

ደግሞ ሻጩ ማስታወቂያው ላይ ከለጠፋቸው ፎቶዎች የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ያስተያዩ። አንዱ ላይ ቁጥሮቹ በሰረዝ ናቸው፣ ሌላው ላይ በሮማን ቁጥር። አንድ ሰዓት ነው እያለ የሁለት ሰዓት ፎቶ ልኮልዎታል!

አራተኛውን እኔ ነኝ ያገኘሁት። የሻጩን ዋና ፎቶ ጎግል ላይ አስገብቼ ፈለግኩት። ያው አረንጓዴ ጨርቅ፣ ያው የጨርቁ ጥግ ላይ ያለች የቡና ጠብታ፣ ሌሎች ሦስት ሻጮች ጋ ወጣች። ስልኩም ዋጋውም ለየብቻ ነው። አንዱማ አገሩም እዚህ አይደለም። እንግዲህ ይኼ ሰው ሰዓቷን በእጁ ስለመያዙም እጠራጠራለሁ።

“ቀረጥ ስላልተከፈለበት ነው የረከሰው” ብሎዎታል አሉ። ቀረጥ ቢቀርለትም የብዙ ሺህ ዶላር ዕቃ 4,500 ብር አይወርድም አባየ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ማር ሲገዙ ላይ ላዩን ቀምሰው ከፍለው ያውቃሉ? እንጨት ሰደድ አድርገው ከሥር ነው የሚያወጡት። እኔም ያደረግኩት እሱን ነው።

አሁንም ልብዎ እሷ ላይ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁት። ወረቀት ላይ የእርስዎን ስምና የዛሬን ቀን በእጁ ይጻፍ፣ ሰዓቷን ከላዩ ያስቀምጥና አንስቶ ይላክ። ሰዓቷ ካለችው ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። “አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ መጀመሪያ ቀብዱን” ካለዎት ስልኩን ይዝጉት። ልኮ ከሆነም ለእኔ ያስተላልፉልኝ፣ ሌንሷን አይቼ እነግርዎታለሁ።

ያች የድሮዋ ሲኮስ? ባለፈው ትቆማለች ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ የእትዬ ልጅ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ በመሃረብ ጠቅልለው ይስጡት፤ እዚህ እጁ ጥሩ የሆነ ሰዓት ሠሪ አውቃለሁ። ያረጀውን ማሰሪያም አብሬ አስቀይረዋለሁ። ጥቁር ቆዳ ይሁን ቡናማ?

ቀብዱን ቀድመው ልከውት ከሆነም አይደብቁኝ። አልቆጣም። የላኩበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝና ዛሬውኑ ለባንኩ እናሳውቃለን።