የክሊኒካችን የ2018 በጀት ዓመት የገቢና የወጪ ዕቅድ

ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ፣ ሸዋ ሮቢት
የበጀት ዘመን፦ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣

ይህ ዕቅድ ጠቅላላ ገቢን 5,562,000 ብር፣ ጠቅላላ ወጪን 5,502,596 ብር አድርጎ ይዟል። የሚተርፈው 59,404 ብር ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። መጠባበቂያው ከገቢው 1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ማይክሮስኮፕ ቢበላሽ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ በጀቱ የሚያስተማምነው በውስጡ ያሉት ደንቦች ከተጠበቁ ብቻ ነው። ከደንቦቹ ሁሉ የሚበልጠውም የመድኃኒት ገንዘብ ለመድኃኒት ብቻ ይዋል የሚለው ነው።

ገቢ

ባለፈው ዓመት ክሊኒካችን 13,240 ጊዜ የሕክምና አገልግሎት ሰጥቷል። ለዘንድሮ በ300 የሥራ ቀናት፣ በቀን በአማካይ 46 ታካሚ በመያዝ 13,800 አቅደናል። ከእነዚህ 1,380ው መክፈል የማይችሉ ታካሚዎች ናቸው። በ10 ቀን ውስጥ ለክትትል ተመልሰው የሚመጡ 2,070 ታካሚዎች ደግሞ እንደተለመደው የካርድ አይከፍሉም።

| የገቢ ዓይነት | ስሌት | ብር |
|---|---|---|
| ካርድና ምርመራ | 10,350 × 100 | 1,035,000 |
| ላቦራቶሪ | 6,200 × 180 | 1,116,000 |
| መርፌ፣ ቁስል እጥበትና አነስተኛ ቀዶ ሕክምና | 3,600 × 80 | 288,000 |
| የአጭር ቆይታ አልጋ | 420 × 250 | 105,000 |
| የመድኃኒት ሽያጭ | 9,300 × 260 | 2,418,000 |
| ከታካሚዎች ድምር | | 4,962,000 |
| ከአገር ውስጥ አባላት መዋጮ | | 180,000 |
| አሜሪካ ከሚኖሩ አባላት መዋጮ | | 420,000 |
| ጠቅላላ ገቢ | | 5,562,000 |

የክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ግብዓት ከጤና ጽሕፈት ቤት ስለሚመጣ በነፃ ይሰጣል፤ ከሠንጠረዡም የለም።

በቅድመ ውይይቱ ላይ ካርዱ ወደ 150 ብር ከፍ ይበል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ቀላል ስለሚመስል ስሌቱን እዚህ ላሳያችሁ። አንድም ታካሚ ካልቀረ ጭማሪው 517,500 ብር ያስገኛል። ነገር ግን ወደ እኛ የሚመጣው ሰው የሚከፍለው ለካርድ ብቻ አይደለም፤ ከፋይ ታካሚ ከላቦራቶሪውና ከመድኃኒቱ ጋር በአማካይ ወደ 400 ብር ይከፍላል። ከአምስቱ አንዱ ቢቀር የታካሚ ገቢያችን ወደ 4,383,600 ብር ይወርዳል፤ ከዕቅዳችን በ578,400 ብር ያንሳል ማለት ነው። ሳይሸጥ የሚቀረውን መድኃኒት መግዣ 386,880 ብር ብንቀንስለት እንኳ 191,520 ብር ጉድለት ይኖራል፤ የላቦራቶሪ ግብዓት ቁጠባም ሙሉውን አይሸፍነውም።

የቀረው ሰው ወዴት እንደሚሄድም እናውቃለን። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሳያስመረምሩ ከሱቅ ክኒን ገዝተው ይሰጡታል፤ በአራተኛው ቀን ራሱን ስቶ ይዘውት ይመጣሉ። ወባ ባለበት ቆላ የአራት ቀን መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ የካርድ ዋጋው በ100 ብር እንዲቆይ እጠይቃለሁ።

ገቢው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገባም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባው ወቅት ነው፤ ማሾው ለገበያ ሲቀርብም ቤተሰቦች ገንዘብ ይይዛሉ፣ ያቆዩትንም ሕመም ያስመረምራሉ። ከየካቲት በኋላ ካዝናው ይሳሳል። የአሜሪካ አባላት መዋጮ በጥርና በመጋቢት በሁለት ዙር እንዲላክ የተጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒትና የሕክምና ግብዓት

| የወጪ ዓይነት | ብር |
|---|---|
| የሚሸጥ መድኃኒት መግዣ | 1,934,400 |
| ለነፃ ታካሚዎች መድኃኒት (1,150 × 208) | 239,200 |
| የላቦራቶሪ ሪኤጀንትና መመርመሪያ | 410,000 |
| ጓንት፣ ስሪንጅ፣ ጎዝ፣ አልኮልና የመሳሰሉት | 285,000 |
| ጊዜው ለሚያልፍበትና ለሚሰበር (የመድኃኒት ግዢ 2 በመቶ) | 43,472 |
| ድምር | 2,912,072 |

ይህ ከጠቅላላ ወጪው ከግማሽ በላይ ነው። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ዋጋ በየግዢው ይለወጣል። አቅራቢዎች ለአንድ ሳምንት እንኳ የሚጸና ዋጋ መስጠት አቁመዋል። በመግዣው ላይ የምንጨምረው 25 በመቶ ነው፤ ይህም እንዲቀጥል እጠይቃለሁ። መሸጫው ግን መደርደሪያ ላይ ያለውን መድኃኒት ለመተካት በሚያስፈልገው የወቅቱ መግዣ ላይ ይሰላ። በአሮጌው መግዣ እያሰላን ከሸጥን፣ 100 ፍሬ የሸጥንበት ገንዘብ 80 ፍሬ ብቻ የሚገዛበት ጊዜ ይመጣል፤ መደርደሪያውም ቀስ በቀስ ይራቆታል።

ባለፈው ሚያዝያ የመድኃኒቱ ሒሳብ ለደመወዝ ተወሰደ። ደመወዙ በጊዜው ተከፍሏል፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ለሕፃናት የሚሰጠው አሞክሲሲሊን አልቆበት፣ የሳንባ ምች የያዛቸው ልጆች እናቶች የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ብቻ ይዘው ወጡ። የፋርማሲ ባለሙያችን ማዘዣዎቹን በደብተር መዝግባለች። ከደብተሩ አንዷ እናት በማግስቱ ተመልሳ መጥታ የታዘዘው ሰባት ቀን ሆኖ ሳለ የሁለት ቀን መድኃኒት ብቻ እንደገዛች መናገሯ ተጽፏል፤ ገንዘቡ ያደረሳት እስከዚያ ነበር።

ስለዚህ የመድኃኒት ሽያጭ ገንዘብ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ መግዣው ለተዘዋዋሪ ግዢ ይቆያል። ወደ ጠቅላላ ሒሳብ የሚዛወረው ትርፉ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በየሩብ ዓመቱ ቆጠራ ከተደረገ በኋላ ነው። ዓመታዊው ትርፍ 483,600 ብር ነው፤ ጊዜ ላለፈበትና ለሚሰበር የተያዘው ሲቀነስ 440,128 ብር ይቀራል። ከዚህ በላይ ማንም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ ማውጣት አይችልም። ፊርማው የጤና መኮንኑና የገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ይሁን።

የመድኃኒት ግዢው በሩብ ዓመት ሲከፈል፦ አንደኛው 740,000፣ ሁለተኛው 560,000፣ ሦስተኛው 400,000፣ አራተኛው 473,600 ብር ነው። የመጀመሪያው የገዘፈው የወባው ወቅት ከመድረሱ በፊት ማከማቸት ስላለብን ነው፤ አራተኛው ከፍ ያለው ደግሞ ለሚያዝያና ለግንቦቱ ወባ ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ቅርንጫፍ ያለውን በቅድሚያ ከዚያ እንገዛለን፤ የጎደለውን ከግል አከፋፋዮች ቢያንስ በሦስት ዋጋ ማወዳደሪያ። መንገድ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ስለሚቆም ለደም ግፊትና ለስኳር ታካሚዎች የሁለት ወር ክምችት አይጓደልም። አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ርካሽ ናቸው፤ ያቋረጠ ታካሚ የሚያስከትለው ግን ርካሽ አይደለም።

ደመወዝ

| የሥራ መደብ | ብዛት | የወር ደመወዝ ለአንድ | የወር ድምር |
|---|---|---|---|
| ጤና መኮንን (የክሊኒኩ ኃላፊ) | 1 | 18,000 | 18,000 |
| ነርስ | 3 | 10,500 | 31,500 |
| አዋላጅ ነርስ | 1 | 10,500 | 10,500 |
| ላቦራቶሪ ባለሙያ | 2 | 11,000 | 22,000 |
| ፋርማሲ ባለሙያ | 1 | 12,500 | 12,500 |
| ካርድና ገንዘብ ተቀባይ | 2 | 6,000 | 12,000 |
| ሒሳብ ሠራተኛ | 1 | 9,000 | 9,000 |
| ጽዳት | 2 | 3,800 | 7,600 |
| ጥበቃ | 2 | 3,800 | 7,600 |
| ድምር | 15 | | 130,700 |

የዓመቱ ደመወዝ 1,568,400 ብር፣ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ 172,524 ብር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በኮንትራት ለሚመጣው ጠቅላላ ሐኪም 168,000፣ ለተረኛና ለበዓል ቀን ሥራ 96,000፣ ለደንብ ልብስ 30,000 ብር ተይዟል። ጠቅላላው 2,034,924 ብር ይሆናል።

የነርሶች ደመወዝ ከ8,500 ብር የተነሣው ባለፈው ዓመት ሁለቱ ስለለቀቁብን ነው። አዲስ ነርስ ገብታ የታካሚዎቻችንን ታሪክ እስክታውቅ ወራት ይፈጃል። ለዝቅተኛ ተከፋዮቻችን ደግሞ አዲሱ የገቢ ግብር ትንሽ እፎይታ አምጥቷል፤ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላለ ከ3,800 ብር ደመወዝ ይቆረጥ የነበረው 457.50 ብር ወደ 270 ብር ወርዷል። ይህ ግን በእኛ ስጦታ የመጣ አይደለም። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችን ደመወዝ ማሻሻል በግማሽ ዓመቱ ግምገማ በመጀመሪያ የምንወያይበት ጉዳይ እንዲሆን አሳስባለሁ።

መብራት፣ ውኃና ሌሎች አገልግሎቶች

መብራት 78,000፣ የቧንቧ ውኃ 21,600፣ ቧንቧው ሲጠፋ በቦቴ ለሚገዛ ውኃ 24,000፣ የጄኔሬተር ነዳጅ 60,000፣ ስልክና ኢንተርኔት 30,000፣ የሕክምና ቆሻሻ ማቃጠያ 18,000፤ ድምር 231,600 ብር።

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ የዓመቱ ስሌት ይህንን ይዟል። የጄኔሬተሩን ነዳጅ ለመቀነስ የሚጠይቅ ሰው ማቀዝቀዣውን ያስብ። ኦክሲቶሲን፣ ኢንሱሊንና ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ የተዘጋ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ረጅም ሰዓት አይይዝም። የሙቀት መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ በበሩ ላይ ባለው ቅጽ ይመዘገባል። መብራት በጠፋ በሰዓቱ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ተረኛው ጥበቃ ነው።

ልዩ ልዩ ወጪዎች

ጥገና 110,000፣ ኅትመትና የጽሕፈት መሣሪያ 65,000፣ የፈቃድ እድሳትና የውጭ ኦዲት 70,000፣ የመድኃኒት ማጓጓዣ 54,000፣ ሥልጠና 25,000፤ ድምር 324,000 ብር። ሕንፃው የማኅበሩ በመሆኑ ኪራይ የለም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| | ብር |
|---|---|
| ጠቅላላ ገቢ | 5,562,000 |
| መድኃኒትና ግብዓት | 2,912,072 |
| ደመወዝና ተያያዥ | 2,034,924 |
| መብራት፣ ውኃና ሌሎች አገልግሎቶች | 231,600 |
| ልዩ ልዩ | 324,000 |
| ጠቅላላ ወጪ | 5,502,596 |
| መጠባበቂያ | 59,404 |

ስለ ነፃ ሕክምና

እስከ አሁን ነፃ ታካሚ የሚታከመው ከሌሎች ወጪዎች ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ስንት ሰው እንደታከመ፣ ስንት ብር እንደወጣ ማንም በትክክል አያውቅም፤ አባላት የላኩት መዋጮም ምን እንደሠራ ለላኩት ማሳየት አልተቻለም። ዘንድሮ በወር 115 ታካሚ በራሱ መስመር ተይዟል። ከ600,000 ብሩ መዋጮ 239,200 ብሩ በቀጥታ ለመድኃኒታቸው፣ ቀሪው ለምርመራቸው ግብዓትና ለሐኪሙ ክፍያ ይውላል። የቀበሌ ማስረጃ ያለው ይስተናገዳል፤ ማስረጃ ሳይኖረው ታሞ የመጣም ጤና መኮንኑ ፈርሞ በዕለቱ ይታከም፣ ወረቀቱ ይከተላል። በሽተኛ በበር ቆሞ ማኅተም አይጠብቅም። የወሩ 115 ካለቀ ጉዳዩ በሳምንት ውስጥ ለቦርዱ ይቀርባል እንጂ ታካሚው አይመለስም።

ጉባኤው እንዲወስን የተጠየቀው

የካርድ ዋጋ በ100 ብር እንዲጸና፤ የመድኃኒት ተዘዋዋሪ ሒሳብ በጣምራ ፊርማ እንዲከፈት፤ የነፃ ሕክምና መስመር ከላይ በተጠቀሰው መጠን እንዲጸድቅ፤ ከአንድ የወጪ መስመር ወደ ሌላው ከ20,000 ብር በላይ ሲዛወር የቦርዱ ቃለ ጉባኤ እንዲያስፈልግ። የአፈጻጸም ሪፖርት በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ፣ በጥር ወር ደግሞ ለጉባኤው ይቀርባል።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.